የቶንሲል ጠጠር፦ ከፀጉር ሽቦ ወደ ጨው ውሃ

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ሳስል ነው። መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ ሳስል አንዲት ነጭ ነገር እጄ ላይ ዱብ አለች፤ የሩዝ ፍሬ ስባሪ የምታክል፣ ወደ ቢጫ የምታደላ። የምግብ ፍርፋሪ መስላኝ ልጥላት ስል በሁለት ጣቶቼ መሃል ተጨፈለቀች። ስትታይ ጠጠር ብትመስልም እንደ ሰም ለስላሳ ነበረች። ሽታዋን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የገማ እንቁላልና ውሃ ውስጥ ለቀናት ተረስቶ የከረፋ ጨርቅ በአንድነት የመጡ ያህል ነበር። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ስታጠብ ታላቅ እህቴ ከስድስት ወር በፊት የነገረችኝ ነገር ትዝ አለኝ።

እህቴ ነገር የምታለሳልስ ሰው አይደለችም። ያን ዕለት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዳትቀየሚኝ፤ አፍሽ ይሸታል። ጥርስሽን ስለማትቦርሺ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ስትቦርሺ አያለሁ። ሌላ ነገር አለ» አለችኝ። ተቀየምኳት። መቀየሜን ለመደበቅ ስስቅ እጄ አፌን እንደሸፈነ ይታወሰኛል። ከዚያ በኋላ የጥርስ ሳሙና ቀየርኩ፣ ብሩሽ ቀየርኩ፣ ማስቲካ ከቦርሳዬ አይጠፋም ነበር። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጥርሴንም ድዴንም አሳየሁ፤ የተበላሸ ጥርስ የለም፣ ድዴም ደህና ነው ተባልኩ። በነገራችን ላይ ይህ ምርመራ በከንቱ አልነበረም። አብዛኛው የአፍ ሽታ የሚመነጨው ከምላስ ጀርባ፣ ከድድና ከጥርስ መሃል ነው፤ ቶንሲልን መጠርጠር ያለብን እነዚህ ከታዩ በኋላ ነው። በእኔ በኩል ግን ምክንያቱ ሳይገኝ ቀረ። የሰው አፍንጫ የራሱን የአፍ ሽታ ስለሚለምደው እኔ ራሴ አይሸተኝም ነበር፤ እህቴ አጋንና ይሆናል ብዬ ራሴን ማጽናናት ጀመርኩ። ያቺ ነጭ ነገር እጄ ላይ እስክትፈርጥ ድረስ።

በዚያው ምሽት መስታወት ፊት ቆሜ የስልኬን መብራት ወደ ጉሮሮዬ አበራሁ። አፍን ከፍቶ ማየት ቀላል ይመስላል እንጂ ምላስ ወደ ላይ እየተነሣ ሁሉን ይሸፍናል። ምላሴን ወደ ውጭ አውጥቼ «ኣ» ስል ታየኝ። መሃል ላይ የምትንጠለጠለው እንጥል ናት፤ ቶንሲሎቹ ከእርሷ ግራና ቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ባሉት ሁለት የሥጋ እጥፋቶች መካከል የተቀመጡ ናቸው። እኔ ቶንሲል እንደ እንቁላል ልሙጥ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን በትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በግራው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ከአንዲት ቀዳዳ አፍ ነጭ ነገር ብቅ ብላ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ከፀጉሬ ላይ ሽቦ ነቀልኩ፣ ጫፉን በውሃ አጠብኩ፣ ገባሁበት። የመጀመሪያው ሙከራ ወደ ላይ አለኝና ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ሁለተኛው ጠጠሯን ወደ ውስጥ ገፋት። በሦስተኛው ሽቦው ከቀዳዳዋ አልፎ ሥጋውን ወጋው፤ የብረት ጣዕም ያለው ሙቅ ነገር ምላሴ ላይ ተሰማኝ። ስተፋ ደም ነው። ብዙ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ ስጉመጠመጥ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቆመ። በማግስቱ ግን ቶንሲሌ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ።

ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጉሮሮዬ ታየና «ቶንሲል ነው» ተብሎ የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ስለ ፀጉር ሽቦው አልተናገርኩም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሕመሙ ለቀቀኝ፣ የአፍ ሽታውም የቀነሰ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያቺ ነጭ ነገር በዚያችው ቀዳዳ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን መብራት አብርተው ምላሴን በእንጨት መጫኛ ዝቅ አደረጉና፣ በሌላ እንጨት ከቶንሲሉ ፊት ያለውን እጥፋት ጫን አሉት። ቀዳዳዋን አልነኳትም። ጠጠሯ እንደ ብጉር መግል ከጎኗ ስትጨመቅ ወጣች። ከእርሷ ኋላም ያላየኋት ሁለተኛ ተከትላ መጣች። በጨርቅ ላይ አድርገው አሳዩኝና «በምን ስትጎረጉሪው ነበር?» አሉኝ። ጠባሳውን አይተውታል። ነገርኳቸው። ሳይቆጡ፣ ቶንሲል ደም የሚመላለስበት ሥጋ መሆኑን፣ ከኋላውና ከጎኑ በጥቂት ሥጋ ብቻ ተለይቶ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ የአንገት ደም ሥር እንደሚያልፍ አስረዱኝ። «ሽቦ፣ የጥርስ እንጨት፣ የእስክሪብቶ ጫፍ፣ ጥፍር፤ ሹል የሆነ ነገር ሁሉ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ደግሞ ከእጅሽ ቢያመልጥ ወደ አየር ቧንቧሽ ሊገባ ይችላል» አሉ።

ከዚያ እንዴት እንደሚፈጠር ጠየቅኳቸው፤ እኔ ከቆሻሻ የመጣ በሽታ መስሎኝ ነበር። ቶንሲል የሰውነት መከላከያ ክፍል ነው። በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ተሕዋስ በሰፊው እንዲነካ ተብሎ ገጹ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ጉድጓዶች ሠርቷል። በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ከአፍ ሽፋን የሚረግፉ የሞቱ ሕዋሳት፣ የምግብ ብናኝና ንፍጥ ይጠራቀማሉ። አየር በማይደርስበት የጉድጓዱ ጥልቀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን እየበሉ የድኝ ጋዞችን ይለቃሉ፤ ያ የገማ እንቁላል ሽታ ከዚያ ነው። ጊዜ ሲያገኝ ከምራቅ የሚመጣ ካልሲየም ይጨመርበትና ክምችቱ ይጠነክራል። አብዛኛው ግን እንደ እኔው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ እውነተኛ ጠጠር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። አንቲባዮቲኩ ለምን እንዳልሠራም በዚያው ገባኝ፦ ባክቴሪያውን ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍነውም፤ ጉድጓዱ ካለ መሙላቱ አይቀርም። ጠጠር ብቻውን አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገውም ነገሩኝ።

«ብዙ ሰው ይህ አለው፤ አያውቀውም እንጂ» አሉኝ። አንዳንዶች የሚያውቁት ለሌላ ምክንያት በተነሡት የጥርስ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ላይ ሲታይ ነው። ከሽታው ሌላ የሚሰማው ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ያለ መምሰል፣ ወይም በዚያው ወገን ጆሮ ላይ የሚሰማ ውጋት ሊሆን ይችላል፤ ቶንሲልና ጆሮ የሚጋሩት ነርቭ ስላለ ነው። እኔ ጆሮዬን ለወራት ያለ ምክንያት ሳሸው ነበር።

እኔ ለምን ጠጠር እንደሚበዛብኝ ሲፈልጉ ወደ አፍንጫዬ ሄዱ። ሌሊት አፌን ከፍቼ እንደምተኛ፣ ጠዋት አፌ እንደ ብራና ደርቆ እንደምነቃ፣ ከአፍንጫዬ ጀርባ ንፍጥ ወደ ጉሮሮዬ እንደሚወርድ ጠየቁኝ። ሁሉም አለ። አለርጂ ነው፤ እኔ «የተለመደ ጉንፋኔ» እለው ነበር። ምራቅ አፍን ያለማቋረጥ የሚያጥብ ውሃ ነው፤ አፍ ሲደርቅ ያ እጥበት ይቆማል፣ ከላይ የሚወርደው ንፍጥ ደግሞ ጉድጓዱን ይሞላል። ስለዚህ ያዘዙልኝ የመጀመሪያው መድኃኒት ለቶንሲሉ ሳይሆን ለአፍንጫዬ ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ «አፍሽን ብዬ አፍንጫሽ ሆኖ ተገኘ» ብላ ሳቀች።

ከመድኃኒቱ ጋር የምጉመጠመጠው የጨው ውሃ ደግሞ እንዲህ ነው። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እስኪሟሟ አማስላለሁ። ትኩስ አይደለም፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል ውሃ ራሱ ቁስል ያመጣል። አንድ ጉንጭ ይዤ፣ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ቀና አድርጌ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ድምፅ እያሰማሁ እስከ 20 ሰከንድ አቆየዋለሁ፣ እተፋዋለሁ፣ ብርጭቆው እስኪያልቅ እደግመዋለሁ። አፍ ውስጥ ብቻ ማንገላታት ውሃውን ቶንሲል ድረስ አያደርሰውም። መጀመሪያ ላይ ይህን ስህተት ለሁለት ሳምንት ሠርቼ «ጨው አይረባም» ብዬ ነበር። አሁን የማደርገው ከእራት በኋላ ጥርሴን ቦርሼ፣ ምላሴንም ከኋላ ወደ ፊት በምላስ መፋቂያ ጠርጌ፣ ከመተኛቴ በፊት ነው። ከምግብ በኋላ ሁሉ ቢደረግ ይሻላል፤ እኔ ግን በሥራ ቀን የምችለው ተራ ውሃ መጉመጥመጥ ነው፣ እርሱም ከምንም ይሻላል።

ሱቅ ከሚገኙት የአፍ ማጠቢያዎች አልኮል ያለበትን ተውኩት፤ ያቃጥላል፣ አፌንም ያደርቀዋል፣ ከላይ እንዳልኩት ደረቅ አፍ ደግሞ የችግሩ አካል ነው። በሐኪም የሚታዘዙ ጠንካራ ማጠቢያዎችም አሉ፤ ክሎርሄክሲዲን የተባለው ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ጥርስን ያጠቁራል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ከወሰነው ቀን በላይ አይቀጥሉበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አፉ ስለሚደርቅ ሌላውን ቢያደርግም ችግሩ አይለቀውም።

ጠጠሯ ወጥታ ስትታይ ግን እጅ ይበላል። ይህን አውቃለሁ። ሐኪሜ የመጀመሪያ ምርጫቸው አለመንካት ነው፤ ብዙዎቹ በመጉመጥመጥ፣ በማሳል ወይም በመዋጥ በራሳቸው ይወጣሉ፣ ብትውጣትም ምንም አትሆንም። «ካልቻልሽ ግን እንዲህ አድርጊ» ብለው ያሳዩኝን ልግለጽ፤ ለልጆች፣ ደም ለማቅጠን መድኃኒት ለሚወስዱ ወይም በቀላሉ ለሚደሙ ሰዎች፣ ወይም ቶንሲላቸው ላበጠና ለሚያማቸው ይህ አይሆንም። ወዲያው ወደ ላይ የሚላቸው ሰዎችም ይተዉት።

ምግብ በበላሁ ሰዓት አላደርገውም። እጄን እታጠባለሁ፣ የስልኬን መብራት መስታወቱ አጠገብ አቆማለሁ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በውሃ አርሳለሁ። ደረቅ ጥጥ ይሻክራል፣ ክሩም ይቀራል። ከዚያ ጠጠሯን ራሷን አልነካትም፤ ወደ ውስጥ የምትገባው ያን ጊዜ ነው። ከእርሷ ዝቅ ብሎ ወይም ከጎኗ ያለውን የቶንሲል ሥጋ፣ ወይም ከፊቱ ያለውን እጥፋት፣ ሐኪሙ እንዳደረጉት በእርጥቡ ጥጥ በቀስታ ወደ ላይ ጫን አደርገዋለሁ። ትንፋሼን ወደ ውጭ እያወጣሁ ሳደርገው ጉሮሮዬ አይቆጣም። ጠጠሯ ለመውጣት የተዘጋጀች ከሆነ ምላሴ ላይ ትወድቃለች፤ እተፋታለሁ፣ በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። ሁለት ጊዜ ጫን አድርጌ ካልወጣች በዚያ ቀን ይበቃል። ጥጡ ላይ የደም ምልክት ካየሁም ወዲያው አቆማለሁ። ስልኬ ላይ ሰዓት የያዝኩበት ቀን አለ፦ በደኅናው መንገድ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም፤ በፀጉር ሽቦው ጊዜ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ስታገል ነበር።

የጥርስ መሃል ማጽጃ የውሃ መርጫ መሣሪያም ለዚህ ሲመከር ሰምቻለሁ። ጠየቅኋቸው። ግፊቱ የተሠራው ለጥርስ እንጂ ለለስላሳ ሥጋ አይደለም፤ ያለዚያ አልችልም የሚል ሰው እጅግ ዝቅተኛውን ግፊት ብቻ፣ ቀዳዳው ውስጥ ቀጥታ ሳያነጣጥር ይጠቀም አሉ። እኔ አልገዛሁትም።

ነጭ ነገር ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ ይህን የምለው እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለቱም ቶንሲሎቼ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አየሁ፤ ጠጠር ናቸው ብዬ ጨው ውሃ ያዝኩ። በማታው ትኩሳት መጣ፣ አንገቴ ስር ዕጢ አበጠ፣ መዋጥ አቃተኝ። ያ መግል ነበር፤ የቶንሲል ኢንፌክሽን። ልዩነቱን አሁን እንዲህ እለየዋለሁ። ጠጠር ከአንዲት ቀዳዳ አፍ ላይ ተለይታ ትታያለች፣ ሥጋው በዙሪያዋ ቀይ ሆኖ አያብጥም፣ ትኩሳት የለም። መግሉ ግን ያበጠና የቀላ ቶንሲል ላይ የተለጠፈ ነው፣ ሲዋጥም ያማል። አንድ ሌላም አለ፦ ልሙጥ፣ ቢጫ፣ ከሥጋው ሥር የሆነና በመጉመጥመጥም ሆነ በመጫን የማይነቃነቅ እብጠት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ከረጢት ነው፤ ሐኪም አይቶ ያረጋግጠው እንጂ አይጎርጎር።

ትኩሳት ላይ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ ካዝረከረከ፣ ድምፅ ትኩስ ድንች ጎርሶ የሚናገር ሰው ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከቶንሲል ጀርባ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቶንሲል ከሌላው እየጎላ ሲሄድ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል ሲታይበት፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ሲኖር፣ ያለ ምክንያት ሲደማ ደግሞ ጠጠር ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ስለ ቀዶ ሕክምናም ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ ያኔ ሽታውን ለማጥፋት ምንም ከማድረግ የማልመለስ ነበርኩ። ጉድጓዶቹን በሌዘር ወይም በሌላ መሣሪያ አለስልሶ አፋቸውን የሚያሰፋ ሕክምና አለ፤ ቶንሲሉን አያወጣም፣ አንዳንዴም መደገም ያስፈልገዋል። ቶንሲልን ጨርሶ ማውጣት ደግሞ ጠጠሩን ያስቀራል፤ ቀዳዳ ከሌለ ጠጠር የለም። ዋጋው ግን በሙሉ ሰመመን የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ለአዋቂ ሰው እስከ ሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ከባድ የጉሮሮ ሕመም፣ እና ቅርፊቱ በሚረግፍበት ጊዜ፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል፣ የመድማት አደጋ ነው። ሐኪሜ የሚያወጡት ሌላውን ሁሉ ሞክሮ ጠጠሩ ኑሮውን ላናጋበት ወይም በየጊዜው በኢንፌክሽን ለሚሠቃይ ሰው እንደሆነ ነግረውኝ፣ «ሦስት ወር አፍንጫሽን ታከሚ፣ በደንብ ተጉመጥመጪ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ የማስታወሻ ወረቀት ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሰባት ጠጠር፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው አንድ። ወረቀቱን አይተው ሳቁና ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ጨርሶ አልጠፋም፤ አለርጂዬ ሲነሣ በግራው ቶንሲል ከታች ያቺው ቀዳዳ ትሞላለች። እህቴ አሁንም እየተጠጋች «ሃ በይ» ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ፊቷን ካኮሳተረች ያን ማታ በእራት ሰዓት ብርጭቆዬን በጨው ውሃ ሞልቼ እነሣለሁ።